ከደለስ ኤርፖርት ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ባቡር፣ አውቶቡስ ወይስ ታክሲ?

ጥያቄ፦ «እኔና ባለቤቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አሜሪካ ልንመጣ ነው። በኢትዮጵያ አየር መንገድ ዋሽንግተን ደለስ ጠዋት ነው የምናርፈው፣ ማክሰኞ ቀን። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው እህቴ ስራ ላይ ስለሆነች ልትቀበለን አትችልም። ባቡሩ ርካሽ ነው አሉን፣ ሌላው ደግሞ ታክሲ ያዙ ይላል፣ አውቶቡስም አለ የሚል አነበብኩ። አራት ትልልቅ ሻንጣ ይዘናል። የቱ ይሻላል?»

መልስ፦ እንኳን ደህና መጣችሁ ብዬ ልጀምር። እኔ ደለስ ላይ ለዓመታት ታክሲ ነድቻለሁ፣ አሁን ደግሞ ስራዬ እዚያው የመንገደኛ ትራንስፖርት ነው፣ እና ባቡሩም ታክሲውም ከውስጥ ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ። መልሱን ቶሎ ለሚፈልግ፦ አራት ትልልቅ ሻንጣ ከያዛችሁ ትልቅ መኪና ያዙ፣ ሁለት ሻንጣ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን ያለምንም ማመንታት ባቡር ነው የምላችሁ። አውቶቡሱን እርሱት። ምክንያቱን አንድ በአንድ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም እናንተ ባትሆኑም ይሄንን የሚያነብ ሌላ ሰው የሻንጣው ቁጥር ወይ የሚያርፍበት ሰፈር ሊለይ ይችላል።

መጀመሪያ አውቶቡሱን እናውጣው። ያነበባችሁት ነገር ድሮ እውነት ነበር። ባቡሩ ኤርፖርቱ ድረስ የገባው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2022 ነው፣ ከዚያ በፊት ሰዉ በአውቶቡስ እስከ ሬስተን ሄዶ እዚያ ባቡር ይይዝ ነበር፣ ኢንተርኔት ላይ ያሉ አሮጌ ጽሁፎች ዛሬም ያንኑ ነው የሚያወሩት። ዛሬ ኤርፖርቱ ላይ የምታዩዋቸው የካውንቲ አውቶቡሶች ሄርንደንና ሬስተን አካባቢ ለሚኖርና ለሚሰራ ሰው ናቸው፣ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚያደርሳችሁ የለም። የሆቴልና የመኪና ኪራይ ሚኒባሶችም በር ላይ ይቆማሉ፣ እነሱም ለደንበኞቻቸው ነው። ስለዚህ ምርጫው ባቡርና መኪና ብቻ ነው።

አሁን ባቡሩ። ሲልቨር ላይን ይባላል፣ የከተማው ሜትሮ አንዱ መስመር ነው እንጂ እንደ አንዳንድ አገር ለኤርፖርት ብቻ የተሰራ ኤክስፕረስ አይደለም። ይሄ ሁለት ነገር ማለት ነው፣ አንደኛ ዋጋው የከተማ ባቡር ዋጋ ነው፣ ሁለተኛ ደግሞ በየጣቢያው እየቆመ ነው የሚሄደው፣ ሻንጣ ማስቀመጫ መደርደሪያም የለውም። ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያስብበትም።

ዋጋው፦ ከሰኞ እስከ አርብ ቀን ላይ እንደ ርቀቱ ከ2.25 እስከ 6.75 ዶላር ነው፣ ከደለስ መሃል ከተማም ሆነ ሲልቨር ስፕሪንግ ሩቅ ስለሆነ ጣሪያውን፣ 6.75 ነው የምትከፍሉት። ቅዳሜና እሁድ፣ እንዲሁም በስራ ቀን ከማታው 9፡30 በኋላ (ሰዓቱን ሁሉ በዚህ አገር አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የትም ብትሄዱ ከ2.50 አይበልጥም። ማክሰኞ ጠዋት ስለሆነ ለሁለት ሰው 13.50 ማለት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ለመድረስ መንገድ ላይ ሬድ ላይን ወደሚባለው ሌላ የሜትሮ መስመር ትቀይራላችሁ፣ ስትቀይሩ ግን እንደገና አትከፍሉም፣ ከበር እስከ በር አንድ ክፍያ ነው።

የሚከፈለው ስማርትሪፕ በሚባል ካርድ ነው፣ ጣቢያው ውስጥ ካለው ማሽን ይገዛል፣ ካርዱ ራሱ 2 ዶላር ነው፣ ከዚያ ላይ ገንዘብ ትሞሉበታላችሁ። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ካርድ ያስፈልጋል፣ ባልና ሚስት በአንድ ካርድ ተከታትሎ መግባት የለም፣ ይሄ ላይ አዲስ መጪ ሁሌ ይቸገራል፣ አንዱ ይገባና ሌላው በሩ ላይ ይቀራል፣ ሻንጣው ደግሞ መሃል ላይ። ከ2025 ጀምሮ ክሬዲት ካርድም በሩ ላይ አስነክቶ መግባት ይቻላል፣ እዚህም ያው ነው፣ ለሁለት ሰው ሁለት ካርድ፣ ስትገቡ ባስነካችሁት በዚያው ስትወጡ ታስነካላችሁ። ካርድ ከሌላችሁ ማሽኑ ጥሬ ዶላር ይቀበላል፣ ግን መልስ የሚሰጠው በሳንቲም ስለሆነ የመቶ ዶላር ኖት ይዛችሁ አትቁሙ፣ ከአዲስ አበባ ስትነሱ ትንንሽ ኖት ያዙ።

ድግግሞሹ ጥሩ ነው። ቀን ላይ በየ10 ወይ 15 ደቂቃው አንድ ይመጣል፣ ስለዚህ ሰዓት አይታችሁ መሮጥ የለባችሁም፣ አንዱ ቢያመልጣችሁ ሌላው መጣ። እኔን የሚያሳስበኝ ድግግሞሹ ሳይሆን የጉዞው ርዝመት ነው። ከኤርፖርቱ መውጫ እስከ ባቡር ጣቢያው ከመሬት በታች ባለ መተላለፊያ ነው የሚኬደው፣ የሚንቀሳቀስ መሄጃም አለው፣ ሻንጣ ላልያዘ 5 ደቂቃ ነው። ከደለስ መሃል ከተማ እስካለው ሜትሮ ሴንተር ጣቢያ 53 ደቂቃ ገደማ፣ እዚያ ወርዳችሁ ሬድ ላይን፣ ከዚያ ሲልቨር ስፕሪንግ ሌላ 20 ደቂቃ አካባቢ። መጠበቁንና መቀየሩን ስትደምሩ አንድ ሰዓት ከአርባ ምናምን ውስጥ ትደርሳላችሁ። በመኪና መንገዱ ክፍት ከሆነ 45 ደቂቃ ነው።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደርሰናል፣ ሻንጣው። የኢትዮጵያ መንገደኛ ወደ አሜሪካ ሲመጣ በኢኮኖሚ ሁለት ሁለት 23 ኪሎ ይዞ ነው የሚመጣው፣ ያቺንም ግራም ሳያስቀር በሽሮና በበርበሬ ሞልቶ ነው። ለሁለት ሰው 92 ኪሎ፣ ከዚያ የእጅ ሻንጣና ቦርሳ ጨምሩበት። እያንዳንዳችሁ በሁለት እጅ ሁለት ሻንጣ ትገፋላችሁ፣ ካርዱን የሚያስነካ እጅ የለም፣ ኤስካሌተር የሚይዝ እጅ የለም። የኤርፖርቱ ጋሪ ደግሞ ባቡር ላይ አይወጣም።

ሜትሮ ሴንተር ላይ የሚሆነውን ላሳያችሁ፣ ሁሉም ነገር የሚበላሸው እዚያ ነው። ሲልቨር ላይን የሚቆመው ታችኛው ፎቅ ላይ ነው፣ ሬድ ላይን ላይኛው ፎቅ። ስለዚህ አራቱንም ሻንጣ ይዛችሁ ወደ ላይ መውጣት አለባችሁ። በኤስካሌተር አይሆንም፣ ሁለት 23 ኪሎ ይዞ ኤስካሌተር ላይ የቆመ ሰው አንዱ ሻንጣ ቢያንሸራትተው ከኋላ ያለውን ሰው ነው የሚጥለው። በኤሌቬተር ነው መሆን ያለበት፣ ኤሌቬተሩ ደግሞ ትንሽ ነው፣ ዊልቸርና የልጅ ጋሪ የያዘ ሰው ካለ ተራ ትጠብቃላችሁ፣ አንዳንዴም ተበላሽቶ ታገኙታላችሁ። ላይ ስትደርሱ ደግሞ ሬድ ላይን በግራና በቀኝ ሁለት መቆሚያ ስላለው የግሌንሞንት አቅጣጫ የተጻፈበት ወገን ላይ መሆናችሁን አረጋግጡ፣ በሌላው ወገን ከቆማችሁ ሼዲ ግሮቭ ወደሚባለው ወደ ተቃራኒው ትሄዳላችሁ።

ሌላው በሩ ነው። የሜትሮ ባቡር በር እንደ ኤሌቬተር በር እጅ ሲያገኘው መልሶ የሚከፈት አይደለም። ማስጠንቀቂያው ከተሰማ በኋላ በሩ ሲዘጋ ሻንጣ መሃል ላይ ካለ ይነክሰዋል፣ ባቡሩም ይቆማል፣ ሰዉም ይንጫጫል። አንድ ሻንጣ ያለው ሰው በሁለት ሰከንድ ዘው ይላል፣ አራት ሻንጣ ግን ሁለት ዙር ነው፣ አንዱ ገብቶ ሌላው ከውጭ እያቀበለ፣ እና በሩ መሃል ላይ ሲዘጋ አንዱ ውስጥ ሌላው ውጭ የቀሩ ባልና ሚስት አይቻለሁ። ስልክ ሳይሰራላቸው፣ አገሩን ሳያውቁት። ለመጀመሪያ ቀን ይሄ ይከብዳል።

ስለዚህ ለናንተ መኪና ነው የምለው። ግን መኪናም ሲባል አንድ ነገር አለ፣ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ ዋጋ ሲያወዳድር ኡበር አፕ ላይ መጀመሪያ የሚመጣለትን የትንሿን መኪና ዋጋ ያያል። ትንሿ መኪና አራት ሰው ትጭናለች ይላል፣ አዎ ሰው ትጭናለች፣ የኋላ ኮፈኗ ግን ሁለት ትልቅ ሻንጣ ነው የሚይዘው፣ ግፋ ቢል ሶስተኛው የኋላ ወንበር ላይ። አራተኛው አይገባም። ሹፌሩ መጥቶ ሻንጣውን ሲያይ አልችልም ብሎ ይሄዳል፣ አንዳንዴ የስረዛ ክፍያም ይቆረጥባችኋል፣ እንደገና ስታዙ ደግሞ ዋጋው ጨምሮ ይጠብቃችኋል። ስለዚህ ኡበር የምትጠቀሙ ከሆነ ከመጀመሪያውኑ XL የሚለውን እዘዙ። ትንሿ መኪና ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ባልተጨናነቀ ሰዓት ከ50 እስከ 80 ዶላር ውስጥ ነው፣ ትልቋ ግን 80ን አልፋ 110 ልትደርስ ትችላለች፣ እንደ ሰዓቱ ነው፣ ዝናብና የስራ መውጫ ሰዓት ሲሆን ከዚያም ይጨምራል።

የኤርፖርቱ ታክሲ በሜትር ነው የሚሰራው። ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ርቀቱ ወደ 30 ማይል ስለሆነ ከነቲፑ 80 እስከ 100 ዶላር አስቡ። ጥቅሙ ምንድነው፣ ስልክ አይፈልግም፣ አፕ አይፈልግም፣ ጥሬ ዶላርም ካርድም ይቀበላል፣ ተራው ላይ ያለው አስተናጋጅ ሻንጣችሁን አይቶ «ቫን» ስትሉት ቫን ይጠራላችኋል፣ ሜትሩ ደግሞ ዝናብ ዘነበ ብሎ ዋጋ አይጨምርም። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚመጣ፣ የአሜሪካ ሲም ለሌለው፣ አራት ሻንጣ ለያዘ ሰው እኔ የምመርጠው ይሄንን ነው። ቲፕ እዚህ አገር ከ15 እስከ 20 ፐርሰንት የተለመደ ነው፣ ሻንጣ ላነሳላችሁ ሰው በተለይ። ሲወጡ ልክ በሩ አካባቢ ቀርቦ «ታክሲ? ታክሲ?» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ በአማርኛ ቢያናግራችሁም እንኳን፣ አመስግናችሁ እለፉት። ፈቃድ ያለው ታክሲ ሰው ፍለጋ ወደ ውስጥ አይገባም፣ ተራው ላይ ሆኖ ነው የሚጠብቀው። ሜትር የሌለው ሰው መጨረሻ ላይ የሚጠራው ዋጋ ላይ መከራከሪያ የላችሁም።

የመንገዱን ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ሹፌር «ቶል አለው» ሲላችሁ እንድታውቁ። ከደለስ የሚወጣው መንገድ ሁለት ጎን ለጎን የሚሄድ ነው፣ አንዱ የሚከፈልበት ነው፣ መሃለኛው ግን ኤርፖርት ለሚመጣና ከኤርፖርት ለሚሄድ ሰው ነጻ ነው። በነጻው ወጥቶ 495 የሚባለውን ቀለበት መንገድ ይዞ፣ ፖቶማክን ተሻግሮ ሜሪላንድ ይገባል፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እዚያው ነው። በዚህ መንገድ ቶል የሚባል ነገር የለም። ቶል የሚመጣው ወደ ዲሲ መሃል 66 በሚባለው መንገድ ጠዋት በስራ መግቢያ ሰዓት ለሚሄድ ነው፣ ወይም ሹፌሩ 495 ላይ ፈጣኑን መስመር ከመረጠ ነው፣ እሱን ደግሞ ሳይጠይቃችሁ ማድረግ የለበትም። ከታክሲው ስትሳፈሩ «ኖ ቶል» ማለት ብቻ ይበቃል።

ትራፊኩስ? ጠዋት ማረፋችሁ እድለኛ ያደርጋችኋል። ኢሚግሬሽን፣ ሻንጣ መጠበቅና ጉምሩክ ሲያልቅ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ይወስዳል፣ ስለዚህ በር ላይ የምትደርሱት የስራ መግቢያው ግርግር ሲበርድ ነው። ያ ድልድይ፣ ከቨርጂኒያ ወደ ሜሪላንድ የሚያሻግረው አሜሪካን ሊጅን የሚባለው፣ ክፉ የሚሆነው ከሰዓት በኋላ ከ3 እስከ 7 ነው። ያን ሰዓት የሚያርፍ ሰው ቢሆን ኖሮ 45 ደቂቃ የተባለው አንድ ሰዓት ከሩብም ሊሄድ ይችላል፣ ታክሲ ሜትሩም ቆሞም ይቆጥራል፣ ባቡሩ ግን ድልድዩ ቢዘጋም አይመለከተውም። ለከሰዓት አራፊ ሂሳቡ ወደ ባቡሩ ያዘነብላል ማለት ነው።

በናንተ ሁኔታ ሂሳቡን አንድ ላይ ላስቀምጠው። ባቡር፦ 13.50 ለሁለት ሰው፣ 4 ዶላር ለሁለት ስማርትሪፕ፣ 17.50። ሲልቨር ስፕሪንግ ጣቢያ ስትደርሱ እህታችሁ ቤት በእግር ካልሆነ እንደገና መኪና፣ ያ ደግሞ በአራት ሻንጣ ትልቅ መኪና፣ 15 ወይ 20 ዶላር። ወደ 35 ዶላር ገባ ማለት ነው፣ ሁለት ሰዓት በሚጠጋ ጊዜና አራት ኤሌቬተር። ቫን ታክሲ፦ ከነቲፑ 100 ዶላር አካባቢ፣ ከኤርፖርት በር እስከ እህታችሁ በር፣ 45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት። ልዩነቱ 65 ዶላር ነው። አንድ ሌሊት ሙሉ በረራ ላይ ላደረ ሰው፣ ለሁለት ሰው ሲካፈል ሰላሳ ምናምን ዶላር ነው፣ እኔ እከፍለዋለሁ።

አሁን ሌላውን እንይ፣ እያንዳንዳችሁ አንድ ሻንጣ ብቻ ቢሆን። ባቡሩ 17.50 እና ከጣቢያው አንድ ትንሽ መኪና 8 ወይ 10 ዶላር፣ ሂሳቡ 27 ነው፣ ታክሲው ግን ያው 90 ምናምን። አንድ ሻንጣ በአንድ እጅ፣ ካርድ በሌላው፣ በሰፊው በር መግባት (ከጎን ሰፋ ያለ በር አለ፣ ለዊልቸርና ለሻንጣ የተሰራ፣ በጠባቡ አትታገሉ)፣ እና ደለስ ከመነሻው ሶስተኛ ጣቢያ ስለሆነ ባቡሩ ሲደርስ ባዶ ነው፣ ወንበር ይዛችሁ ሻንጣውን በጉልበታችሁ ማገት ትችላላችሁ። ይሄ ለሁለት ሰው 65 ዶላር ቁጠባ ነው፣ ያለ ስቃይ። ከዚህ በፊት ለመጣ ዘመድ ሁሉ የምናገረው ይሄንኑ ነው፣ ሁለተኛውን ሻንጣ ካላመጣህ ባቡር፣ ካመጣህ መኪና።

ባቡር ለምትይዙ ሰዎች ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። አንደኛው አቅጣጫ ነው። ደለስ ላይ ባቡሩ በሁለቱም በኩል ይመጣል፣ አሽበርን የሚል ከሆነ ከከተማው ይርቃል፣ አትሳፈሩ። ከአሽበርን ውጪ የሆነ ማንኛውም፣ ዳውንታውን ላርጎ ቢል፣ ኒው ካሮልተን ቢል፣ ሁለቱም በሜትሮ ሴንተር ያልፋሉ። ሁለተኛው ጥገና ነው። ሜትሮ አንዳንዴ፣ በተለይ ቅዳሜና እሁድ ወይም በዚህ አገር በጋ ላይ፣ አንድ የመስመር ክፍል ዘግቶ ባቡሩን በነጻ አውቶቡስ ይተካዋል። ያኔ ከባቡር ወርዶ ሻንጣ ይዞ አውቶቡስ፣ ከአውቶቡስ መልሶ ባቡር ነው፣ ያ 2.50 ዋጋ ምንም ያህል ቢያምር በሻንጣ አይሆንም። ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ቀን wmata.com ላይ የሲልቨርንና የሬድን ሁኔታ እዩ፣ የኤሌቬተር ብልሽትም እዚያው ይወጣል፣ ሜትሮ ሴንተር ኤሌቬተር የለም ካለ ሻንጣ ያለው ሰው ሃሳቡን ይቀይር።

ለሌሎች አንባቢዎች፣ ምዕራብ አሌክሳንድሪያ ወይ ስካይላይን አካባቢ የምታርፉ ሰዎች፣ እዚያ ጎን ሜትሮ አጠገባችሁ የለም፣ ሙሉ መንገዱን በባቡር ለመሄድ አትድከሙ። ቦልስተን ድረስ በሲልቨር ላይን ሄዳችሁ ከዚያ መኪና ብትይዙ ወይ ዘመድ እዚያ ቢቀበላችሁ ይሻላል፣ ሳትቀይሩ ነው የምትደርሱት፣ የቀረውም መንገድ አጭር ነው። ሮስሊን ወይ መሃል ዲሲ ሆቴል ላይ የሚያርፍ ሰው ደግሞ ሻንጣው ቢበዛም ባቡሩን ሊያስብበት ይችላል፣ መቀየር የሚባለው ነገር ስለሌለ።

ወደ እናንተ ልመለስ። የኡበር ሃሳብ ካላችሁ አፑን አዲስ አበባ እያላችሁ አውርዱት፣ ስልክ ቁጥራችሁን እዚያው አረጋግጡ፣ ካርዳችሁንም እዚያው አስገቡ፣ ምክንያቱም እዚህ ስትደርሱ የሚላከው የማረጋገጫ ኮድ በኢትዮጵያ ሲማችሁ ላይ ላይመጣላችሁ ይችላል፣ የኤርፖርቱ ነጻ ዋይፋይ ደግሞ ኤስኤምኤስ አያመጣም። የእህታችሁን ሙሉ አድራሻ፣ የመንገድ ቁጥርና ዚፕ ኮድ ጭምር፣ ወረቀት ላይ በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ ያዙ፣ ለታክሲው ሹፌር አሳዩት፣ ስልክ ባትሪ ቢያልቅም ችግር የለም። ወይም ደግሞ እህታችሁ ራሷ በስልኳ XL ብታዝላችሁስ? ስራ ላይ ሆና ማዘዝ ትችላለች፣ ሹፌሩ ያለበትን ታያለች፣ እናንተ ዋይፋይ ላይ ሆናችሁ የመኪናውን ታርጋና የቆመበትን በር ትልክላችኋለች። ግን ሻንጣችሁን ይዛችሁ ከጉምሩክ ስትወጡ ነው መታዘዝ ያለበት፣ አውሮፕላኑ መሬት ሲነካ አይደለም፣ ሹፌሩ የሚጠብቀው ጥቂት ደቂቃ ነው፣ እናንተ ደግሞ ገና ኢሚግሬሽን ሰልፍ ላይ ናችሁ።

በረራው ዘግይቶ ማታ ላይ ካረፋችሁ ደግሞ ባቡሩን ጭራሽ አታስቡት፣ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ሜትሮ እኩለ ሌሊት ላይ ይዘጋል፣ ሲልቨሩን ብትደርሱበት እንኳን ሬድ ላይኑ ሊያመልጣችሁ ይችላል፣ ያኔ ሜትሮ ሴንተር ላይ አራት ሻንጣ ይዞ ኡበር መፈለግ ነው የሚቀረው። ከማታው 10፡30 በኋላ ከኤርፖርቱ በር ላይ በቀጥታ ታክሲ ነው።